ስቶኩ ወጣ፣ እኔ ግን ከሰርኩ

«ሰላም ቤተሰብ። ኦፕሽን ላይ ኢን ዘ መኒ፣ አት ዘ መኒ፣ አውት ኦቭ ዘ መኒ የሚሉት ነገር ግራ አጋብቶኛል። ለኮልና ለፑት ይለያያል እንዴ? የትኛውንስ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ እኔ ይህን የተማርኩት 550 ዶላር ከፍዬ ነው።

ኦፕሽን ማለት ስቶክን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው፤ ያ ዋጋ ስትራይክ ይባላል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ መብቱን አሁኑኑ ብጠቀምበት የማገኘው ነገር አለ? ካለ ኢን ነው፣ ከሌለ አውት። ስትራይኩና የስቶኩ ዋጋ እኩል ወይም በጣም የተቀራረቡ ከሆኑ አት ይባላል።

ስቶኩ 100 ዶላር ነው እንበል። ኮል የመግዛት መብት ነው። የ90 ኮል የ100 ዶላሩን በ90 ያስገዛሃል፤ ስለዚህ 10 ዶላር ኢን ነው። የ110 ኮል አውት ነው፤ ገበያ ላይ በ100 የሚገኘውን ማን በ110 ይገዛል? ፑት የመሸጥ መብት ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል። 100 የሚያወጣውን በ110 የሚያሸጥህ ፑት ኢን፣ የ90ው አውት።

አሁን ወደ ኪሳራዬ። ቁጥሩን ለማቅለል አጠጋግቼዋለሁ። ስቶኩ 100 ላይ ሳለ አንድ ወር የቀራቸው ሦስት ኮሎች ነበሩ። የ90ው 11.80፣ የ100ው 4፣ የ110ሩ 1.10። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሆነ በ100 አባዛው። እኔ 110 ዶላር ስትባል ርካሽ መስላኝ አምስት ገዛሁ።

ስቶኩ እንዳሰብኩት ወጣ። በመጨረሻው ቀን 106 ላይ ዘጋ። የእኔ አምስቱም ዜሮ! የ90ውን አንድ የገዛ ሰው ግን ኮንትራቱ በአክሲዮን 16 ዶላር ኢን ሆኖለት 420 ዶላር አተረፈ። የ100ው 200 ዶላር አተረፈ።

ምክንያቱ ለመብቱ የምንከፍለው ዋጋ፣ ማለትም ፕሪሚየሙ ውስጥ ነው። ከ11.80ው 10 ዶላሩ መብቱን አሁኑኑ ብትጠቀምበት የምታገኘው ነው፤ ለጊዜው የተከፈለው 1.80 ብቻ። የእኔ 1.10 ግን ሙሉ በሙሉ የጊዜ ዋጋ ነበር፣ ቀን በቀን የሚሟሟ። ትርፍ ለማየት ስቶኩ ከ111.10 በላይ መዝጋት ነበረበት። አቅጣጫውን አገኘሁት፣ ርቀቱን ሳትኩት።

ግን ኢን መሆንና ማትረፍ አንድ አይደሉም። የ90ውን ገዝተህ ስቶኩ 100 ላይ ቢቀር፣ ኮንትራትህ አሁንም ኢን ነው፤ አንተ ግን 180 ዶላር ከስረሃል። ወደ 85 ቢወርድ ደግሞ 1,180ው ሙሉ ይሄዳል። እንደ እኔ የ110ሩን የገዛ ሰው በአንድ ኮንትራት የሚያጣው ከ110 ዶላር አይበልጥም። የአውት ጥቅሙ ይኸው ነው።

እኔ አሁን አቅጣጫውን ብቻ ሳምንበት ኢን ወይም አት እገዛለሁ። አውት የምነካው ስቶኩ በአጭር ቀን በኃይል ይዘላል ብዬ ሳስብ ነው፤ ያውም ቢጠፋ በማያሳምመኝ ገንዘብ።

አንድ የማትረሳው ነገር፦ አሜሪካ ውስጥ ኮንትራትህ በማብቂያው ቀን በአንድ ሳንቲም እንኳ ኢን ሆኖ ከዘጋ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይተገበራል። የ90 ኮል ከያዝክ 9,000 ዶላር አውጥተህ 100 አክሲዮን ገዛህ ማለት ነው። ያን ያህል ከሌለህ ገበያው ሳይዘጋ ሽጠው።