በደበዘዘ ጽሑፍ ውስጥ ለማይነበብ ፊደል ምን ምልክት ይደረግ?

«አያቴ ቢቸና ሳሉ የጻፉት የመሬት ኪራይ ማስታወሻ ደብዝዟል። የተከራዩ ስም ላይ ከ«ገብ» ቀጥሎ ያለው ፊደል አይነበብም። ስገለብጠው ምን ምልክት ላድርግበት?»

ጤና ይስጥልኝ። አስቀድመው ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ያስቀምጡትና ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ይረፍበት፤ ቀለሙ ቢጠፋም ብዕሩ የጫረው መስመር አንዳንዴ ይታያልና። በውኃ ማርጠብም ሆነ በእስክሪብቶ መደገም ግን ፈጽሞ አይገባም።

የ«ረ» ዋና ቅርጽ ታይቶ የጠፋው «ሩ»ን ከ«ሬ» የሚለየው ቅጥያ ብቻ ከሆነ፣ ፊደሉ በከፊል ተነቧልና «ገብ(ረ/ሩ/ሬ)» ብለው አማራጮቹን ይጻፉ። ቀጥሎ «ማርያም» ወይም «ሥላሴ» ካለ «ገብረ» ያመዝናል፤ ስሙ በዚያው ካበቃ ግን «ገብሩ»ም «ገብሬ»ም ያስኬዳል። ቤተ ዘመድ «ገብሬ ነው» ቢልዎት እንኳ፣ የሰሙትን በግርጌ ያስፍሩት እንጂ ከወረቀቱ እንደተነበበ አድርገው አይሙሉት።

የቀለም ርዝራዥ ብቻ ከቀረ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ «+» ያኑሩ፦ «ገብ+»። ነጥብ መደርደሩን እኔ አልመርጠውም፤ አንባቢ ሆን ተብሎ የተዘለለ ቃል ይመስለዋል። ማዕዘናዊ ቅንፍ [ ] ደግሞ ወረቀቱ ተቀዶ ወይም ምስጥ በልቶት ፊደሉ ራሱ ለሌለበት ቦታ ይቆይ። የምልክቶቹን ትርጉም በግልባጩ ራስጌ ይጻፉ።