ከሄድ ወደ ስፒከር ሳጥን የጊታር ገመድ ስሰካ የደረሰብኝ

«ከአምፕሊፋየሩ ሄድ ወደ ስፒከር ሳጥኑ የሚሄደው ገመድ ጠፍቶብኝ የጊታር ገመድ ሰካሁበት። ጃኩ ልክክ ብሎ ገባ፣ ድምፁም አለ። እንዲሁ ብቀጥልበት ችግር አለው?»

ወንድሜ፣ ድምፅ መስጠቱ አያታልልዎት፤ እኔንም ያታለለኝ እሱ ነው። የእርስዎም ሄድ እንደ እኔው ባለ ትራንዚስተር ይሆናል ብዬ በዚያው ልክ እነግርዎታለሁ።

1. ሄዱን አጥፍተው የጃኩን ሽፋን አዙረው ይፍቱት። የጊታር ገመድ ከሆነ እንደ ስፌት ክር የቀጠነች አንዲት ሽቦ ከጃኩ ጫፍ ጋር ተበይዳ ያገኛሉ፤ ዙሪያዋን የከበባት የመዳብ ሹሩባ ደግሞ ከጃኩ አካል ጋር ተያይዟል። ከጊታሩ የሚወጣው ምልክት ብዙውን ጊዜ አንድ ቮልት እንኳ ስለማይሞላ ሽቦዋ ብትቀጥን ጉዳት የለውም፤ የሹሩባው ሥራም ያን ደካማ ምልክት ከውጭ ጫጫታ መከለል ነው። ከሄዱ ጀርባ የሚወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። የእኔ ሄድ 100 ዋት፣ ሳጥኑ 4 ኦም ነበር፤ ይህ ማለት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 20 ቮልትና 5 አምፔር በገመዱ ያልፋል ማለት ነው። በቤታችን 220 ቮልት አንድ ሺህ ዋት ገደማ የሚበላ ምድጃም በገመዱ የሚስበው ያንኑ ያህል አምፔር ነው። ምድጃ በክር ሽቦ የሚሰካ ሰው የለም፤ እኔ ግን ሰካሁ።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር፣ ደብረ ሲና ሰርግ ላይ ነው። ቀደም ብዬ የስፒከር ገመድ ስጠይቅ ባለሱቁ «ጃክ ጃክ ነው፣ ምን ያጨቃጭቅሃል» ብሎ የ6 ሜትር የጊታር ገመድ ሸጦልኝ ነበር። ሄዱ የሚቀመጠው ሳጥኑ ላይ ስለሆነ የሚያስፈልገኝ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የተረፈውን ጠቅልዬ ከሳጥኑ ሥር ካነጠፍነው የመንዝ ባና መሐል ወሸቅሁት። የገመዱ ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ 5 አምፔር ሲያልፍበት 12 ዋት ተኩል ያህል እዚያው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ገመዱ ተዘርግቶ ቢሆን ሙቀቱ ሳይታወቅ ይበተን ነበር፤ ተጠቅልሎ በሱፍ ሲታፈን ግን መውጫ አጣ። በመጀመሪያ ድምፁ ደከም አለ፣ ቀጥሎ ጨፋሪው መሬቱን በረገጠ ቁጥር ይቆራረጥ ጀመር፣ በመጨረሻም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ጸጥ አለ። ባናውን ገልጬ ሳየው በሽቦዋና በሹሩባው መካከል ያለው ፕላስቲክ እንደ ጧፍ ሰም ለስልሶ፣ ሽቦዋ ከሹሩባው ጋር ተነካክታለች። ሌላ ገመድ ሰክቼ ባበራው ፊውዙ ወዲያው ተቃጠለ፤ ለካ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ በሾርቱ ሞተዋል።

አዲስ አበባ የወሰድኩለት ጠጋኝ ሦስት ሳምንት አስቀመጠብኝ። ከደብረ ብርሃን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የሁለት ሰርግ ክፍያዬን ተቀብሎ የወለቁትን ዕቃዎች እንኳ አላሳየኝም። «አንተ ተጫወት እንጂ ገመድ ምን አገባህ» ያለኝ ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፤ ገመድ ባለማወቄ አይደል እሱ ዘንድ የሄድኩት?

2. የስፒከር ገመድ እዚሁ ይሠራል። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ 2 በ1.5 ተጣጣፊ ሽቦ አንድ ሜትር ተኩል ይግዙ፤ ሁለቱም ሽቦዎች እኩል ወፍራም ናቸው፣ ሹሩባ የላቸውም፣ የስፒከር ገመድ ማለትም ይኸው ነው። በሁለቱም ዳር አንዱን ቀለም ከጃኩ ጫፍ፣ ሌላውን ከአካሉ ጋር ይበይዱ። ከመሰካትዎ በፊት በቴስተር ይፈትሹ፦ ጫፍ ከጫፍ ይጮኻል፣ ጫፍ ከአካል ግን መጮህ የለበትም። ቴስተሩ የገመዱን ዓይነት ይነግረኛል ብለው ግን አይጠብቁ፤ በጊታር ገመድም እንደዚሁ ይጮኻል። ስለዚህ ጃኩ የማይፈታና በልባሱ ላይም ምንም ያልተጻፈበት ገመድ ካጋጠመዎት ለስፒከር አይጠቀሙበት።

ምናልባት ሄድዎ ባለ ቲዩብ ከሆነ፣ እዚያ አደገኛው ሾርቱ ሳይሆን መቋረጡ ነው። ቀጭኗ ሽቦ እየተጫወቱ ብትበጠስ ወይም ስፒከር ሳይሰካ ቢጫወቱበት፣ በመውጫው ትራንስፎርመር ላይ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅልሉን ሊያቃጥለው ይችላል።

የሠሩትን ገመድ በስህተት ከጊታሩ ቢሰኩት የሚቃጠል ነገር የለም፤ ከለላ ስለሌለው ግን የመብራቱን 50 ኸርዝ እየለቀመ ያጉረመርማል። እኔ በሁለቱም ጫፍ ቀይ ቴፕ ጠቅልዬበታለሁ። ደብረ ብርሃን ያሉ ሁለት ባንዶችም አሁን ገመዳቸውን የሚያሠሩት እኔን ነው። የራሴ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በሰርግ መሐል ጎንበስ ብዬ ስዳብሰው እንደ ጠዋቱ የደብረ ብርሃን ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።