ኩርባውን ከመሳልሽ በፊት ቀኑን ጠይቂ

«ጤና ይስጥልኝ። በኅብረተሰብ ጤና ተመርቄ ለበሽታ ቅኝት ባለሙያነት ተወዳድሬ ነበር። ፈተናው ላይ በአንድ ማሠልጠኛ ሳልና ትኩሳት ተከስቷል ብለው ሠንጠረዥ ሰጡን። የወረርሽኝ ምርመራ ደረጃዎችን በቃሌ ጻፍኩ፣ በየቀኑ ስንት ሰው እንደታመመ የሚያሳየውን ኤፒ ከርቭም ሣልኩ። አላለፍኩም። በቅርቡ ሌላ ቦታ እፈተናለሁ፤ ምን ላይ ላተኩር?»

እህቴ፣ ደረጃዎቹን ማወቅሽ አልጎዳሽም። ግን እነሱን ሁሉም ተፈታኝ ይጽፋቸዋል። ፈታኙ ማየት የሚፈልገው ሠንጠረዡን እንዴት እንደምትጠራጠሪው ነው። እስቲ ተመሳሳይ ጥያቄ አብረን እንሥራ።

90 ሠልጣኞች የሚያድሩበት ማዕከል ነው እንበል። 24ቱ ታመዋል። የክሊኒኩ መዝገብ ሐሙስ 2፣ ዓርብ 3፣ ሰኞ 16፣ ማክሰኞ 3 ይላል። እንዳለ ከሣልሽው ሰኞ ላይ አንድ ረጅም ዘንግ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ተጋልጠዋል» ይልና አየር ማቀዝቀዣውን ይከሳል። ክሊኒኩ ቅዳሜና እሑድ ዝግ መሆኑን ማን ይጠይቅ? ሰኞ ቀን የበዛው በሽታው ሳይሆን ወረፋው ነው።

ስለዚህ ከርቩ የሚሣለው ምልክቱ በጀመረበት ቀን እንጂ ሰው ክሊኒክ በመጣበት ቀን አይደለም። ሰዎቹን አንድ በአንድ ስትጠይቂ ሌላ ሥዕል ይወጣል። ማክሰኞ 1፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 1፣ ዓርብ 5፣ ቅዳሜ 4፣ እሑድ 8፣ ሰኞ 3። አሁን በየሁለት ቀኑ ከፍ እያለ የሚሄድ ማዕበል አለ። ይህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ይመስላል። ኢንፍሉዌንዛ ከተጋለጡ በኋላ ከ1 እስከ 4 ቀን፣ በአብዛኛው በ2 ቀን ምልክት ያሳያል፤ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ይሄዳል ማለት ግን ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይናገር። በእውነተኛ ሥራ ደግሞ ማዕበሎቹ ቶሎ ይደባለቃሉ፤ እንዲህ ጥርት ያለ ከርቭ የምታገኚው ፈተና ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው የታመሙት ዝርዝር፣ ላይን ሊስቱ ነው። ለአንድ ሰው አንድ መስመር። መለያ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሚያድርበት ሕንፃ፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ ናሙና የተሰጠበት ቀን፣ ውጤት። እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ «ሳል፣ ራስ ምታት፣ ወዘተ» ብለሽ አንድ ሳጥን ውስጥ ካጨቅሽው ኋላ መቁጠር አትችዪም። ያልጠየቅሽውን ደግሞ «የለም» ብለሽ አትሙዪ። «አልታወቀም» ሌላ መልስ ነው።

ማን ሊስቱ ውስጥ ይግባ የሚለውን የሚወስነው የኬዝ ትርጓሜው ነው። «ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በማዕከሉ ከሚኖሩ ወይም ከሚሠሩ ሰዎች መካከል ትኩሳትና ሳል የጀመረው» ብትዪ ለተጠርጣሪ ኬዝ ይበቃል። ሰው፣ ቦታ፣ ጊዜና ምልክት አሉበት። መጀመሪያ ላይ ሰፋ አድርጊው፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ «የተረጋገጠ» የሚለውን ለይተሽ ታጠብቢዋለሽ። የጠረጠርሽውን ምክንያት ግን ትርጓሜው ውስጥ አታስገቢ። «ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ» ካልሽ ኬዞችሽ ሁሉ አዳራሽ የገቡ ይሆናሉ፤ ከዚያ አዳራሹን ጥፋተኛ ማድረግ ራስን በራስ ማታለል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ አንድ ሆቴል ውስጥ የተነሣው የሌጂዮኔርስ በሽታ የሚባል የሳንባ ምች ሲመረመር፣ ሆቴሉ ውስጥ ሳይገቡ አጠገቡ ባለው መንገድ ላይ ብቻ የነበሩ ሰዎችም ታመው ተገኙ። መርማሪዎቹ ለብቻ መድበው ቆጠሯቸው እንጂ አልጣሏቸውም። በሽታው በአየር መምጣቱን ከጠቆሙት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ወደ ማዕከላችን እንመለስ። ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ለስንት ሰው? አንደኛው ሕንፃ ውስጥ ከ40 ሰው 18 ታሟል፣ ማለትም 45 በመቶ። ሁለተኛው ውስጥ ከ50 ሰው 6፣ ማለትም 12 በመቶ። አሁን የት ሄደሽ አልጋዎቹን፣ መስኮቶቹንና የሰዉን ውሎ እንደምታዪ ታውቂያለሽ። የታመሙትን መለየት፣ ማስክ ማስደረግና መስኮት ማስከፈት ግን እስከዚያ አይጠብቅም። መልስሽ ላይ ይህን ቀደም አድርገሽ ጻፊው፤ ብዙዎች መጨረሻ ላይ ይወሽቁታል።

ከርቩን ስትሥዪ ዘንጎቹን አጣብቂ፣ ሁለቱንም መስመሮች ሰይሚ። አንዱ ዘንግ የሚሸፍነው ጊዜ የኢንኩቤሽኑ፣ ማለትም ከመጋለጥ እስከ ምልክት ያለው ጊዜ፣ ሩብ ወይም ሢሶ ቢሆን ጥሩ ነው። ለኢንፍሉዌንዛ ግማሽ ቀን ማለት ነው፤ ሰዓቱን የሚያስታውስ ከሌለ አንድ ቀን ያስኬዳል። አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ሰኞ 3 ብቻ ስለሆነ «ወረርሽኙ እየቀነሰ ነው» እንዳትዪ። እሑድና ሰኞ ያመማቸው ብዙዎቹ ገና ክሊኒክ አልመጡ ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ዘንጎች ለይተሽ አቅልሚና ከሥራቸው «ሪፖርቱ ገና አልተሟላም» ብለሽ ጻፊ።