የፓወር ባንኩ ቁጥር በቁና የተሰፈረ ነው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ፒያሳ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ገዛሁ። የስልኬ ባትሪ 5,000 ስለሆነ አራት ጊዜ ይሞላልኛል ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይሞላና በሦስተኛው 75 በመቶ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ነጋዴው አታሎኛል ወይስ ዕቃው ተበላሽቷል? ከኮምቦልቻ»

ወንድሜ፣ ነጋዴው ዘንድ ለጠብ አትሂድ። በነገርከኝ ልክ የሚሠራ ከሆነ ፓወር ባንክህ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህን ያህል አይሰጡም። የተሳሳተው ማካፈሉ ነው። 20,000ን ለ5,000 ማካፈል የሚያዋጣው የሁለቱም ኤሌክትሪክ በአንድ ቮልት ሲሰፈርና በመንገድ ላይ ምንም ሳይባክን ሲደርስ ብቻ ነው።

ሚሊአምፒር ሰዓትን እንደ ቁና አስበው። አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ሱፍ ስፍራቸው እኩል ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ጤፉ ይከብዳል። ቁናው ስንት ጊዜ እንደተሰፈረ እንጂ እህሉ ምን ያህል እንደሚመዝን አይናገርም። በኤሌክትሪክም ክብደቱ የሚታወቀው ቮልቱ ሲታወቅ ነው። አምፒር ሰዓቱን በቮልቱ ስታባዛው ዋት ሰዓት ታገኛለህ፤ ሚዛኑ እርሱ ነው።

ፓወር ባንኩ ውስጥ ያሉት የሊቲየም ሴሎች ሲሞሉ 4.2 ቮልት ናቸው፤ ሲያልቁ ወደ 3 ይወርዳሉ። ፋብሪካው መካከለኛውን 3.7 ቮልት ይዞ ነው 20,000 ብሎ የሚጽፈው። 20 አምፒር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። የዩኤስቢው ቀዳዳ የሚሰጠው ግን 5 ቮልት ነው። ያንኑ 74 ዋት ሰዓት በ5 ቮልት ብትሰፍረው 14,800 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ይወጣዋል። እስከዚህ ድረስ የባከነ ነገር የለም፤ እህሉ ያው ነው፣ የተለወጠው ቁናው ነው።

ብክነቱ የሚጀምረው ቮልቱን ከፍ ከማድረግ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ስለሆንክ የሐረጎን ዳገት ላንተ መንገር አያስፈልግም። 3.7 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወጣው ፓወር ባንኩ ውስጥ ያለው ቦርድ ነው፤ ይህን ዳገት ሲወጣ ጥሩ የሚባለው ቦርድ እንኳ ከአሥር አንዱን ያህል በሙቀት መልክ ይበላል። የስልክህ ባትሪ ደግሞ የሚሞላው በ5 ቮልት አይደለም፤ በ4 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ ስልኩ የመጣለትን 5 ቮልት መልሶ ያወርደዋል። ከኮምቦልቻ የተነሣ ጭነት ደሴ ድረስ ወጥቶ፣ ከዚያ ተመልሶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቢራገፍ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈጅ አስብ። ሲወጣም ሲወርድም ይከፈላል። ቻርጅ ሲደረግ ፓወር ባንኩንም ስልኩንም በእጅህ ብትነካቸው የሚሰማህ ሙቀት ያ ክፍያ ነው።

አሁን ያንተን እንመዝን። ከ74 ዋት ሰዓት የፓወር ባንኩ ቦርድ ድርሻውን ሲወስድ ከቀዳዳው የሚወጣው 65 ገደማ ነው። ኬብሉና የስልኩ የራሱ የቻርጅ ክፍል ሌላ ይቀንሱና ባትሪው ውስጥ የሚገባው 54 አካባቢ ይሆናል። የስልክህ 5,000 ደግሞ በ3.85 ቮልት የተሰፈረ ነው እንበል፤ የብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች ይህንኑ ይቀርባል። ሲባዛ 19.25 ዋት ሰዓት ነው። 54ን ለ19.25 አካፍለው፤ 2.8 ይሆናል። አንተ ያገኘኸው 2.75 ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ፓወር ባንኩን ገልብጠህ ጀርባውን በባትሪ ብርሃን ተመልከት። በደቃቅ ፊደል «ሬትድ ካፓሲቲ» የሚል መስመር ካለ አጠገቡ ያለው ቁጥር 12,000 ወይም 13,000 አካባቢ ይሆናል። እውነተኛው የመሸጫ ቁጥር እርሱ ነው፤ በ5 ቮልት ተሰፍሮ ከቀዳዳው የሚወጣውን ይነግርሃል። ትልቁ ቁጥር ፊት ለፊት፣ እውነቱ ደግሞ ከጀርባ በማጉያ መነጽር በሚነበብ ፊደል መጻፉ ያናድደኛል። ገዢው የሚጠቀመው በሁለተኛው ነውና ፊት ለፊት መጻፍ የነበረበት እርሱ ነበር።

በዩኤስቢ ሜትር የሚለኩ ወጣቶችም አንድ ስሕተት ሲሠሩ አያለሁ። ስልኩ ፈጣን ቻርጅ የሚቀበል ከሆነ ፓወር ባንኩ 5 ሳይሆን 9 ቮልት ሊልክ ይችላል። ያኔ ያው 65 ዋት ሰዓት በሜትሩ ላይ 7,200 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ልጁም «ግማሹ እንኳ የለም» ብሎ ይጮኻል። ማንበብ ያለበት Wh የሚለውን፣ የዋት ሰዓቱን መስመር ነው። ቮልቱ ቢለዋወጥም እርሱ አይዋሽም።

አንተ ልትቀንሰው የምትችለው ብክነት ጥቂት ነው፤ ቢሆንም አለ። ስልኩ እየሞላ ቪዲዮ ብታይበት የመጣው ኤሌክትሪክ ባትሪው ሳይደርስ ማያው ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ስልኩን አጥፍተህ ሙላው። ቀጭንና ረጅም ኬብል በራሱ ላይ ቮልት ይጥላል፤ አጭርና ወፍራም ያዝ። ያለ ገመድ የሚሞላውን ዓይነት ከሁሉ አብልጦ አባካኝ ስለሆነ ፓወር ባንክ ላይ አልመክረውም።

እውነተኛው ማታለል ሌላ ነው፤ እርሱን በኩሽና ሚዛን ትይዘዋለህ። ባለፈው አንድ ደንበኛ 50,000 የተጻፈበት አምጥቶ «ስልኬን አንዴ እንኳ አይሞላም» አለኝ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 240 ግራም ሆነ፤ ሳልከፍተው ነገሩ ገባኝ። ስከፍተው አራት ክብ ሴሎች ነበሩ፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸው ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሴል ምርጡ እንኳ 3,500 አካባቢ ነው የሚይዘው፤ አራቱ ምርጥ ቢሆኑም ከ14,000 አያልፉም። ለክቼ ያገኘሁት ግን እያንዳንዳቸው 1,200 ገደማ ነው። አራቱ ተደምረው አምስት ሺህ አልሞሉም። እንግዲህ 50,000 ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት!

በዛሬው የሊቲየም ሴል 74 ዋት ሰዓት ለመያዝ ሴሎቹ ብቻቸውን 300 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ስለዚህ 20,000 የሚል ፓወር ባንክ ከነሽፋኑ ከ300 ግራም በታች ከሆነ አትግዛው። ያንተን ግሮሰሪ ሚዛን ላይ አስቀምጠው፤ ከ350 ግራም በላይ እንደሚሆን እጠብቃለሁ። እባክህ በቢላዋ ለመክፈት ግን አትሞክር፤ የተወጋ ሴል በእጅህ ላይ ይቀጣጠላል። ከዓመት በኋላ መሙላቱ ከሁለት ጊዜ በታች ከወረደ ሴሎቹ አርጅተዋል ማለት ነውና ያኔ ይዘኸው ና፤ በሜትር ለክቼ እነግርሃለሁ።