ክብ ዳንቴል ሲሸበሸብና ሲጎደጉድ

«እትዬ፣ ረከቦት ሥር የሚነጠፍ ክብ ነገር በወፍራም የጥጥ ክር እየሠራሁ ነው። በአጭሩ ዓይን በ12 ጀምሬ በየዙሩ 12 እጨምራለሁ። አራተኛው ዙር ላይ 48 ሲደርስ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ተሸበሸበ። እህቴ በዚያው ክር በረጅሙ ዓይን ሠራች፤ እሷም በ12 ነው የጀመረችው፤ የእሷ ግን ጠርዙ ወደ ላይ ተነሥቶ ጎደጎደ። ስድስተኛው ዙር ላይ 67 ዓይን አላት። ብንተኩሰው ይስተካከላል ወይስ ልንተረትረው ነው?»

ያንቺን ካውያ አያድነውም፤ መተርተር አለብሽ፤ ግን እስከ መጀመሪያው ዙር ድረስ ብቻ። የእህትሽ ግማሹ ይተርፋል። የሁለታችሁም ችግር ቁጥር ላይ ነው፤ የእጅ ጉድለት አይደለም።

ክብ ነገር ዙር በጨመርሽ ቁጥር ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በአንድ ዓይን ቁመት ያድጋል። ርቀቱ በዚያ ልክ ሲያድግ የጠርዙ ዙሪያ ደግሞ የዚያን ቁመት ስድስት እጥፍ ከትንሽ ያድጋል፤ በትክክል 6.28 እጥፍ። ትምህርት ቤት የክብን ዙሪያ ለማግኘት ስፋቱን በ3.14 እናባዛ የነበረው ነው፤ አንድ ዙር ስፋቱን በሁለት በኩል ስለሚጨምር 3.14 ሁለት ጊዜ ይሆናል። ሦስተኛው ዙርም ይሁን ሠላሳኛው፣ ጠርዙ የሚያድግበት ልክ ያው ነው። ስለዚህ በየዙሩ የሚጨመረው የዓይን ብዛትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህን አንቺም እህትሽም ታውቁታላችሁ፤ 12ን ይዛችሁ የሄዳችሁት ለዚህ ነው። የቀረው 12 ለየትኛው ዓይን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ይህን ክሩ ራሱ ይነግርሻል። በዚያው ክርና በዚያው ኪሮሽ ትንሽ አራት ማዕዘን ሥሪና ለኪ። ወፍራም የጥጥ ክር በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሲሠራ አሥር አጭር ዓይኖች ጎን ለጎን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይይዛሉ እንበል፤ አሥር ረድፍም ወደ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንዱ ዓይን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር በ6.28 ሲባዛ 3.14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያንን በዓይኑ ስፋት ስታካፍይው ስድስት ዓይን ከትንሽ ታገኛለሽ። ስለዚህ ኪሮሹ ላይ አስቀድሞ ክር ሳይጠመጠም የሚሠራው አጭሩ ዓይን በየዙሩ 6 ጭማሪ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ የሚሠራው ረጅሙ ዓይን ስፋቱ ያው ሆኖ ቁመቱ እጥፍ ስለሆነ 12 ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ተጠምጥሞ በአንድ ጊዜ የሚሳበው ደግሞ 8 ገደማ። የእጅ ነገር ስለሆነ ልኩ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል፤ አንዳንዷ ለአጭሩ 7 ትፈልግ ይሆናል። 12 የሚፈልግ እጅ ግን የለም።

አንቺ የረጅሙን ቁጥር ለአጭሩ ሰጥተሽዋል። እኔ የምጠረጥረው ቪዲዮ ወይም ከውጭ የመጣ ንድፍ እያየሽ መሥራትሽን ነው። አሜሪካኖች «ደብል ክሮሼ» የሚሉት ረጅሙን ነው፤ እንግሊዞች ግን በዚያው ስም የሚጠሩት አጭሩን ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ሥራ እንደተበላሸ! መለያው ቀላል ነው። ንድፉ ውስጥ «ሲንግል ክሮሼ» የሚል ካገኘሽ የአሜሪካ ነው፤ እንግሊዞች በዚህ ስም የሚጠሩት ዓይን የላቸውም። ልጄ፣ ከስሙ ይልቅ እጁን እይ፤ ሠሪዋ ዓይኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ክሩን ጠመጠመች ወይስ አልጠመጠመችም?

ወደ መተርተሩ እንሂድ። መጀመሪያው ዙር ላይ ያለው 12 ይቆይ። በአጭሩ ዓይን 12 የሁለተኛ ዙር ቁጥር ነው፤ እዚያ በመጀመሪያ ዙር ላይ ስለተቀመጠ መሐሉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ይተዋል፤ ለዳንቴል ምንም አይደለም። ቀዳዳውን ካልወደድሽው ሁሉንም ፈትተሽ በ6 ጀምሪ። ከ12ቱ ከተነሣሽ ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ዓይን ነጠላ፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት እያልሽ ስትዞሪ 18 ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ሁለት ነጠላ ከዚያ አንድ ጭማሪ፤ 24 ይሆናል። አራተኛው ላይ ሦስት ነጠላ ከዚያ አንድ ጭማሪ፤ 30 ይሆናል። አሁን ከያዝሽው ጋር አስተያዪው። አራተኛው ዙር ላይ የጠርዙ ዙሪያ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 30 ዓይን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ልክ ይሞላዋል። ያንቺ 48 ዓይን ግን 24 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። የተረፈው 9 ሳንቲ ሜትር መሄጃ ስላጣ ወደ ላይና ወደ ታች ታጠፈ። 48 መምጣት የነበረበት በሰባተኛው ዙር ነው።

«ታዲያ ሳልተረትር ሁለት ሦስት ዙር ያለጭማሪ ብሠራስ?» ትይኝ ይሆናል። ሦስት አራት ዓይን የበዛበት ሥራ ላይ ይህ ጥሩ መላ ነው፤ አንድ ዙር ያለጭማሪ ትሠሪና ጠርዙ ይረጋል። ያንቺ ግን በ18 ዓይን በልጧል። ውጪው ዙር ተስተካክሎ ጠፍጣፋ ቢሆን እንኳ ውስጥ ያሉት ዙሮች ትርፋቸውን እንደያዙ ስለሚቀሩ መሐሉ እንደተጨማደደ ይኖራል፤ ረከቦት ሲቀመጥበትም ይወላገዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ሁለተኛው ዙር ላይ የሠሩትን «አንድ ነጠላ፣ አንድ ጭማሪ» የሚለውን በሚቀጥሉት ዙሮችም ሳይቀይሩ የሚደግሙ አሉ። ያኔ ጭማሪው ስድስት ስድስት መሆኑ ቀርቶ ከዓይኑ ብዛት ጋር አብሮ ያድጋል፤ 12 የነበረው 18፣ 27፣ 40 እያለ ይሮጣል፤ ሥራውም እየቆየ ይብሱን ይታጠፋል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና በ1997 ይህንኑ አውቃ በመሥራት፣ በወረቀት ለመሥራት የሚያስቸግረውን፣ እየሰፋ የሚሸበሸብ የሒሳብ ቅርጽ በኪሮሽ ለተማሪዎቿ አሳይታለች። ለእሷ ትክክለኛው መንገድ ነበር፤ ለጠረጴዛ ልብስ ግን አይሆንም።

የእህትሽ ነገር የበለጠ የሚያስደስት ነው፤ ቁጥሩ ጥፋቱ የት እንደሆነ ይናገራል። ረጅሙ ዓይን በ12 ሲሄድ ስድስተኛው ዙር ላይ 72 መሆን ነበረበት። አላት የምትይው 67 ነው፤ አምስት ጎድሏል። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው አምስት ዙር ነው፤ በየዙሩ አንድ ዓይን ጠፍቷል ማለት ነው። ተመልሳ ብትቆጥር 12፣ 23፣ 34፣ 45፣ 56፣ 67 ሆኖ ታገኘዋለች። በየዙሩ አንድ እኩል የሚጠፋ ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው የሚጠፋው።

ረጅሙን ስንሠራ ዙሩን የምንከፍተው በሦስት ሰንሰለት ነው፤ ያ ሰንሰለት እንደ አንድ ዓይን ይቆጠራል። ሁለተኛው ዙር ላይ እያንዳንዱ ዓይን ሁለት ስለሚሆን፣ ሰንሰለቱ በተነሣበት በዚያው ዓይን ውስጥ ሌላ አንድ መሥራት አለባት። እሷ ሰንሰለቱን አውጥታ ወዲያው ወደ ሚቀጥለው ዓይን ትሻገራለች፤ እዚያው 24 መሆን የነበረበት 23 ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዙሮች የምትከተለው አቆጣጠር ትክክል ቢሆንም፣ ዓይኑ ከመነሻው ስለጎደለ የመጨረሻው ጭማሪ ቦታ አያገኝም፤ ጭማሪው 11 ብቻ ይሆናል። አንድ ዓይን በየዙሩ ማነስ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ለረጅሙ በልኬት የሚወጣው ራሱ 12 ተኩል ነው፤ 12 ስንሠራ እንኳ ጥቂት እየጠበቀ ነው የሚሄደው። 11 ሲሆን ጠርዙ አጥሮ ሥራውን ወደ ላይ ይጎትተዋል።

መድኃኒቱ እስከ አራተኛው ዙር መተርተር ነው፤ 45 ወዳለበት። እዚያ የጎደለው ሦስት ዓይን ብቻ ነው፤ ጥጥ ይችለዋል። አምስተኛውን ዙር ሁለት ነጠላ ከዚያ አንድ ጭማሪ እያለች ትዙር፤ 45 ለሦስት እኩል ስለሚካፈል 15 ጭማሪ ይገባና በአንድ ጊዜ 60 ይሞላል፤ ይኸው የአምስተኛ ዙር ትክክለኛ ቁጥር ነው። ስድስተኛው ላይ አራት ነጠላ ከዚያ አንድ ጭማሪ፤ 72 ይሆናል። መክፈቻ ሰንሰለቱ አናት ላይ መርፌ ቁልፍ ትሰካበት፤ ዙሩ የሚዘጋው እዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ዙርም እንደ ማንኛውም ዓይን ተቆጥሮ ይሠራበታል።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሥራው አሁንም ጠርዙን ካነሣ እጇ ጠባቂ ነው፤ ጭማሪ ከማብዛት በፊት ኪሮሹን በግማሽ ሚሊ ሜትር ታሳድገው። በተቃራኒው ልክ ቆጥራችሁ ቢሸበሸብ በግማሽ ሚሊ ሜትር ታሳንሱታላችሁ። ጭማሪውን በየዙሩ እዚያው ያለፈው ጭማሪ ራስ ላይ አትደራርቡት፤ ጠፍጣፋ ቢሆንም ክቡ ማዕዘን ያወጣል። አንድ ዙር ላይ ከመጀመሪያው ዓይን፣ በሚቀጥለው ከመሐል ጀምራችሁ ጭማሪውን ብታፈራርቁት ክብነቱን ይጠብቃል።

ስለ መተኮሱ ጠይቀሽ ነበር። የጥጥ ክር ሥራ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ በውኃ አርሰሽ፣ በፎጣ ጨምቀሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ዘርግተሽ ጠርዙን በመርፌ ዙሪያውን ውጠሪው፤ እስኪደርቅ አትንኪው። የሁለትና የሦስት ዓይን ስሕተት በዚህ ይጠፋል። ካውያ ካስፈለገ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት በእንፋሎቱ ብቻ ነው፤ ክሩ ጥጥ ሳይሆን አክሪሊክ የሚባለው የፋብሪካ ሱፍ ከሆነ ግን ሙቀት አታስጠጊው፤ ይለሰልስና ይረግባል፤ ያን ማንም መልሶ አያስተካክለውም።