ለፔንዱለሙ ሰንጠረዥ ስንት አሃዝ?

«ደሴ ነው የምማረው። በፔንዱለም g ስንለካ ካልኩሌተሩ 9.7912 አለ። ሰንጠረዡ ላይ ሁሉንም ልጻፍ?»

አይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የልኬቱን ስህተት ገምት። ስቶፕዋቹ 35.92 ሰከንድ ቢልም እጅህ 0.2 ያህል ይዘገያል ወይም ይቀድማል። ጊዜው የ20 ደርሶ መልስ ስለሆነ ለአንዱ 0.01 ብቻ ይደርሰዋል። ሃያ የሚቆጠረው ለዚሁ ነው። አሃዱና ስህተቱ ራስጌው ላይ አንዴ ይጻፉ፣ ከየቁጥሩ ጎን አትድገማቸው፦

```
L (ሜትር)  20T (ሰከንድ)  T (ሰከንድ)
±0.001   ±0.2        ±0.01
0.800    35.9        1.80
```

የ1.80 መጨረሻ ዜሮ እንዳትጠፋ፤ እስከ መቶኛ መለካትህን የምትናገረው እሷ ናት። ስታሰላ ግን ያልተጠጋጋውን 1.796 ተጠቀም። በ g = 4π²L/T² ውስጥ T ካሬ ስለሆነ፣ የ0.56 በመቶ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ 1.1 በመቶ ይደርሳል። የርዝመቱ ስህተት እዚህ ግባ አይባልም። መልስህ 9.8 ± 0.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው።