ጥያቄና መልስ፦ ከአንድ ኩንታል ስንት ዳቦ ይወጣል?

ከሰበታ፣ የዳቦ ቤት ባለቤት፦ «ኤክሴሉ ከአንድ ኩንታል ዱቄት 1,646 ዳቦ ይወጣል ይላል። እኛ ቆጥረን የምናገኘው ግን 1,390፣ ቢበዛ 1,400 ነው። ሌሊት ዳቦ የሚያወጣብኝ ሰው አለ ማለት ነው?»

ሠራተኛ ከመጠርጠርዎ በፊት ሚዛን ያውጡ። የላኩልኝን ሉህ ረድፍ በረድፍ አየሁት። ለ100 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 58 ሊትር ውሃ፣ 1 ኪሎ እርሾ፣ 1.8 ኪሎ ጨው፣ 2 ኪሎ ስኳርና 2 ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይቱ ሲመዘን 1.84 ኪሎ ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 164.64 ኪሎ ሊጥ ነው። ከ10 ኪሎው ሬሲፒ ወደ ኩንታል ሲያድግ አንድም ቁጥር አልተዛነፈም። እስከዚህ ድረስ ሥራው ንጹሕ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሉሁን የሠራው ሰው 164.64 ኪሎውን በ100 ግራም አካፍሎታል። 100 ግራም ግን የበሰለው ዳቦ ክብደት ነው። ሊጡ ምድጃ ውስጥ ውሃ ያጣል። እርስዎ ራስዎ እንደጻፉልኝ ድብልብሉን ሊጥ 115 ግራም አድርጋችሁ ነው የምትቆርጡት። ስለዚህ ማካፈያው 115 እንጂ 100 መሆን የለበትም። ይህን ብቻ ሲያስተካክሉ 1,646 ወርዶ 1,431 ይሆናል።

ትንሽ ይቀረናል። ማቡኪያው ግድግዳ ላይ የሚቀር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚደርቅ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሊጥ አለ። እሱን 2 በመቶ ብለን እንያዝ። 164.64 ወደ 161.35 ኪሎ ይወርዳል። ለ0.115 ሲካፈል 1,403 ዳቦ ይሰጣል። እርስዎ ከሚቆጥሩት ጋር ተገናኘን ማለት ነው። የጠፋ ዳቦ የለም። በወረቀት ላይ ብቻ የተጋገረ 243 ዳቦ ነው የነበረው።

ግን ነገሩ በቆጠራ አያበቃም። በሉሁ ላይ ባሉት ዋጋዎች የአንድ ኩንታል ጥሬ ዕቃ 10,594 ብር ይፈጃል። ለ1,646 ሲካፈል አንዱ ዳቦ 6 ብር ከ44 ሳንቲም ይመስላል። ለ1,403 ሲካፈል ግን 7 ብር ከ55 ነው። መሸጫ ዋጋ ያወጡት በመጀመሪያው ቁጥር ከሆነ በእያንዳንዱ ዳቦ ላይ 1 ብር ከ11 ሳንቲም አለ ብለው የቆጠሩት ትርፍ የለም።

የእኔን 115ና 2 በመቶ እንዳለ አይቅዱ። የራስዎን ይለኩ። ከቆራጩ እጅ አሥር ድብልብል ይውሰዱና አንድ ላይ ይመዝኑ። 1,150 ግራም መምጣት አለበት። እነዚያኑ ዳቦዎች ምልክት አድርገው ያስጋግሩ። ወጥተው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዙ መልሰው ይመዝኑ። ትኩሱን አይመዝኑ፤ እንፋሎቱ ገና እየወጣ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ወደ 1,000 ግራም ከመጣ ምድጃው የወሰደው 13 በመቶ ነው። አሥሩ ጥሬ ድብልብል 1,200 ግራም ከመዘነ ግን ቆራጩ ለአንዱ 120 እየሰጠ ነው። ያኔ ከኩንታሉ የሚወጣው 1,344 ብቻ ነው። አምስት ግራም ቀላል ትመስላለች፤ 59 ዳቦ ይዛ ትሄዳለች።

ከገላን፣ የሒሳብ ሠራተኛ፦ «የ10 ኪሎውን ሬሲፒ ወደ 35 ኪሎ ቀየርኩት። ድምሩ ልክ ይመስላል። ዳቦው ግን ጨው የለውም፣ ለመነሳትም ዘገየ። ጋጋሪው ‹እንደ ወረቀቱ ነው የሠራሁት› ይላል።»

ጋጋሪው እውነቱን ነው ወንድሜ። ሉህህ ላይ ዱቄት፣ ውሃ፣ ስኳርና ዘይት በፎርሙላ ተሠርተዋል። ጨውና እርሾ ላይ ግን አንድ ሰው ቁጥሩን በእጁ ጽፎበታል። ዱቄቱ 35 ሲሆን ጨው 180 ግራም፣ እርሾም 100 ግራም ሆነው ቀሩ። ጨው 630፣ እርሾ 350 መሆን ነበረባቸው።

እንዲህ ያለውን ስሕተት በዓይን መፈለግ ጊዜ ይበላል። ዳቦ ቤቶች ዱቄቱን 100 በመቶ አድርገው ሌላውን ሁሉ ከእሱ አንጻር ይጽፋሉ። ውሃ 58፣ እርሾ 1፣ ጨው 1.8፣ ስኳር 2፣ ዘይት 1.84 በመቶ። መቶኛው በ10 ኪሎም ሆነ በኩንታል አይለወጥም። ስለዚህ መቶኛውን ከነ% ምልክቱ በB ኮለም ጻፍ፤ ኪሎው ከእሱ በC ይውጣ። ከ4ኛው እስከ 9ኛው ረድፍ ስድስቱ ዕቃዎች ይሁኑ።

```
B1:   35
C4:   =B4*$B$1
C10:  =SUM(C4:C9)/SUM(B4:B9)
D10:  =ROUND(C10-B1,3)
```

C4ን እስከ C9 ጎትተው። የዶላር ምልክቶቹን እንዳትረሳ። ከሌሉ ወደ ታች ስትጎትት B1 ወደ B2፣ ከዚያም ወደ B3 ይሸሻል። C10 ላይ ድምሩ ለመቶኛው ድምር ሲካፈል የዱቄቱ ኪሎ ተመልሶ መምጣት አለበት። D10 ዜሮ ካልሆነ አንዱ ረድፍ በእጅ ተነክቷል።

ያንተ «ልክ ይመስላል» ከየት እንደመጣ ልንገርህ። በተሳሳተው ሉህህ C10 ሲሰላ 34.575 ይሰጣል። ሴሉ ግን አሥርዮሽ እንዳያሳይ ተደርጎ ስለተዘጋጀ ስክሪኑ ላይ 35 ይነበባል። ለዚህ ነው ልዩነቱን በD10 ለብቻው ያስቀመጥኩት። ዕቃው በኪሎ ሲጻፍ እርሾና ጨው ከድምሩ አንጻር ኢምንት ናቸው፤ በድምር ብቻ ብትፈትሽ ሁልጊዜ ይሸሸጉሃል። ጥፋተኛውን ረድፍ ለማግኘት እያንዳንዱን ኪሎ ለዱቄቱ አካፍል። ጨው 0.5 በመቶ ሲልህ ወዲያው ታውቀዋለህ።

ከለገጣፎ፦ «ለአንድ ኩንታል ሁለት ፓኬት እርሾ እንጨርሳለን። ሉሁ ግን የእርሾ ወጪ 350 ብር ነው ይላል። 350 የአንዱ ፓኬት ዋጋ አይደል?»

ነው። ፓኬቱ 500 ግራም ነው፣ የሚያስፈልገው 1 ኪሎ ነው። ሉሁ «1» የሚለውን አይቶ በ350 አባዛው። አንዱ ኪሎ፣ ሌላው ፓኬት መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም። ትክክለኛው 700 ብር ነው።

መድኃኒቱ ዋጋን በገዙበት መያዣ አለመጻፍ ነው። ሦስት ኮለም ያስፈልጋል፦ የተከፈለው ብር፣ በመያዣው ውስጥ ያለው ኪሎ፣ ከዚያ የአንድ ኪሎ ዋጋ። እርሾ 350 ለ0.5 ሲካፈል በኪሎ 700 ይመጣል። ዘይት ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ አይደለም፤ የምግብ ዘይት ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ስለሆነ 18.4 ኪሎ ነው። በሊትር ገዝተው በሚዛን የሚጨምሩ ከሆነ ዋጋውን ለ18.4 ያካፍሉ። በሊትር እየሰፈሩ የሚጨምሩ ከሆነ ለ20። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይሂዱ።

እርስዎ ባዶ ፓኬት ቆጥረው ከሉሁ ጋር ማነጻጸርዎ ጥሩ ዘዴ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ባዶ ፓኬቱን፣ ጆንያውንና ጀሪካኑን ቆጥሮ ሉሁ «ፈጅታችኋል» ከሚለው ጋር ማስተያየት ብዙ ነገር ያወጣል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «ሬሲፒው አሥር እጥፍ ሲያድግ እርሾውም አሥር እጥፍ ይደግ?»

ለወጪ ሒሳቡ አዎ። ለሥራው ግን በመጀመሪያው ቀን ብቻ። ብዙ ሊጥ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከትንሹ ይልቅ ቶሎ ይነሳል። ምድጃዎ በአንዴ የማይጨርሰው ከሆነ የመጨረሻዎቹ ትሪዎች ተራ ሲጠብቁ ከልክ በላይ ይነፋሉ። እኛ ያለንበት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታም ሊጥ እንዲቸኩል ያደርጋል። እርሾውን ትንሽ ቀንሰው ይሞክሩ፣ ወይም ኩንታሉን ሁለት ቦታ ከፍለው በተለያየ ሰዓት ያቡኩ። የሚስማማዎትን ሲያገኙ መቶኛውን ሉሁ ላይ ይለውጡ። ጋጋሪው የሚያውቀውና ሉሁ የማያውቀው እርሾ ሊኖር አይገባም።

ከቡራዩ፦ «የሠራተኛ ወጪ ለ10 ኪሎ 90 ብር ብለን ነበር። ለኩንታል 900 አደረግነው። ለሁለት ኩንታል 1,800 ይሁን?»

አይሁን። የቀን ደመወዛችሁ በጠቅላላው 900 ብር ከሆነ አንድ ኩንታል ስትጋግሩም ሁለት ስትጋግሩም ያው 900 ነው። ትርፍ ሰዓት ካልከፈላችሁ በቀር። ከሰበታው ቁጥር ብንነሳ፣ አንድ ኩንታል በተጋገረበት ቀን በአንድ ዳቦ ላይ 64 ሳንቲም ያርፋል፤ ሁለት ኩንታል በተጋገረበት ቀን 32። ስለዚህ ደመወዝና ኪራይ በማብዣው ቁጥር አይነኩም። ከጥሬ ዕቃው በታች ለብቻቸው ይቀመጡና የወሩ ድምር በወሩ ለሽያጭ በደረሰ ዳቦ ይካፈል። መብራት በመካከል ነው፤ ምድጃው ለማሞቅ የሚበላው አለ፣ በየትሪው የሚጨምረውም አለ። የወሩን ቢል ማካፈል ይበቃል።

«ለሽያጭ በደረሰ» ያልኩት አውቄ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ የተበላሸ ሊጥ፣ የተቃጠለ ትሪ፣ ማታ የተመለሰ ዳቦ ወጪው ወጥቶባቸዋል። ማካፈያው ውስጥ ግን አይገቡም። ከ1,403 ውስጥ 40 ከተበላሸ ለ1,363 ነው የሚካፈለው፤ የጥሬ ዕቃው ወጪም ከ7.55 ወደ 7.77 ያድጋል።

ከሱሉልታ፦ «ግማሹ ዱቄት በድሮ ዋጋ የተገዛ ነው፣ ግማሹ በአዲሱ። በየትኛው ላስላ?»

ያለፈውን ትርፍ ለማወቅ በከፈሉት በትክክለኛው ዋጋ። የነገውን የመሸጫ ዋጋ ለመወሰን በአዲሱ፤ የሚቀጥለውን ጆንያ በዚያ ነው የሚገዙት። ሁለቱን በአንድ ሴል አይቀላቅሉ፣ አጠገቡም የገዙበትን ቀን ይጻፉ።